ጽሑፌን ለመጨረስ ፈቃድ እንዴት ልጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ሙከራዎቼ አልቀዋል፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው፤ እሱ ግን አልገፋ ብሎኛል።

በሳምንት ሁለት ቀን ተማሪዎችን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ሪፖርታቸውንም አርማለሁ። ከዚህ የባሰው በቤተ ሙከራችን የምናሳድጋቸውን ሕዋሳት መንከባከቡ ነው። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ምግባቸው መቀየር አለበት፤ ቅዳሜና እሁድ አያውቁም። የአሠራር ዘዴውን ምዕራፍ በተቆራረጠ ሰዓት ጽፌዋለሁ። የውጤት ትንተናው ግን እንደዚያ አይሆንም። ሁለት ቀን ትቼው ስመለስ የክርክሬ ክር ይጠፋኛል፤ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ።

አማካሪዬን የ8 ሳምንት ፈቃድ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም። ሕዋሳቱን በፈሳሽ ናይትሮጅን አስቀምጣለሁ። ከዚያ አንዱን ብልቃጥ አውጥቼ ሕዋሳቱ በደንብ ማደጋቸውን ሳላይ እያሳደግኳቸው ያሉትን አላቋርጥም፤ አንዳንዴ ከቅዝቃዜ ሲወጡ ይሞታሉና። የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ሳምንት እንደሚደርሳቸውም ጽፌ እሰጣቸዋለሁ። ያለ ቀን ቆጠራ «ጊዜ ስጡኝ» ማለት እምቢታን መጋበዝ ይመስለኛል።

የተቸገርኩት በማስተማሩ ነው። የምኖርበት ክፍያ የሚመጣው ከእሱ ነው። አማካሪዬ ቢፈቅዱ እንኳ የትምህርት ክፍሉ ክፍያውን ሊያቆምብኝ ይችላል። ስለዚህ ክፍል መግባቱን ትቼ እርማቱን ብቻ ልያዝ ብዬ ልጠይቅ ወይስ ሁሉንም? መጀመሪያስ ለአማካሪዬ በቃል ልንገራቸው ወይስ በቀጥታ ደብዳቤ ላስገባ? እንዲህ ያለ ፈቃድ ያገኛችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።