የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በአንድ አኃዝ ተለያየብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ከግለሰብ ኮሮላ ልገዛ ነው። የሞተር ቁጥሩ ገጥሟል፤ የሻንሲው መጨረሻ ግን ሊብሬው ላይ 8፣ ብረቱ ላይ 3 ነው። ቆሻሻውን በናፍጣ ጠርጌ በባትሪ አየሁት፤ የመፍጫ ጭረትም ሆነ ብየዳ የለም፣ የአኃዞቹ ጥልቀትና ርቀት እኩል ነው። የጽሕፈት ስህተት ይመስለኛል።

ሻጩ “ስሙ ሲዞር ይታረማል” ይላል። እኔን የሚያሰጋኝ ዕዳው ነው። ሊብሬው በእጁ መሆኑ ከባንክ ብድር ነፃ ነው አያሰኝም፤ እገዳው የሚታየው መንገድ ትራንስፖርት ካለው ፋይል ላይ ነው። በ8 ተፈልጎ “ዕዳና እገዳ የለበትም” ቢባል፣ በ3 የተመዘገበ መያዣ ሊያመልጥ ይችላል።

ፋይሉ አዲስ አበባ ነው። እርማቱ እዚህ ምርመራ ተደርጎ በደብዳቤ ያልቃል ወይስ መኪናው ራሱ መቅረብ አለበት? ማጣሪያውንስ በሁለቱም ቁጥር የሚሠሩልኝ በምን ዓይነት ማመልከቻ ነው? ቀብድ አልከፈልኩም፤ የሠራችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ።