ከደመወዝ ተቆርጦ ያልገባ የሥራ ግብር፦ የገቢዎች ደብዳቤ ደርሶናል፣ ከየት እንጀምር?

ሐመልማል (ጠያቂ)

አሥራ አንድ ሠራተኛ ያለን አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነን። ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ። ከጥር እስከ ሰኔ 2016 ከሠራተኛ ደመወዝ የተቆረጠው የሥራ ግብር እንዳልገባ ኦዲት አገኘ። በየወሩ 38,000 ብር ነው፣ ለስድስት ወር 228,000 ብር። የተቆረጠውን የሚገልጸው የግብር ማስታወቂያ ለገቢዎች በየወሩ ቀርቧል፣ ክፍያው ግን አልተፈጸመም። ሒሳብ ሠራተኛችን ለቋል። ገንዘቡ ለደመወዝና ለኪራይ ወጣ እንጂ ማንም ኪሱ አልከተተውም። ደብዳቤው ከደረሰን ዛሬ ስድስተኛ ቀን ነው። ፍሬ ግብር፣ መቀጫና ወለድ ተጽፎበታል። አካውንታችን ላይ ያለው 120,000 ብር ብቻ ነው። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ባለ ድርጅቱ

እህቴ፣ አትደንግጪ። እኛም ደርሶብናል። እኔ ብሆን አንድ ብር ሳልከፍል ቅርንጫፉ ሄጄ መቀጫው እንዲነሳልኝ አመለክታለሁ። ከከፈልሽ አመንሽ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማሻል? ካልሆነም ከሠራተኞቹ ደመወዝ ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ አካክሺው። ግብሩ የነሱ አይደል?

የመዝገብ ሰው

ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ እንደጻፍክ ይገባኛል። ግን ሁለቱም ምክር ይጎዳታል።

ከሠራተኛው እንጀምር። ግብሩ ከደመወዙ አንዴ ተቆርጧል። ሠራተኛው ድርሻውን ጨርሷል። ድጋሚ መቁረጥ ማለት አንድን ግብር ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። አሠሪ ሠራተኛውን መጠየቅ የሚችለው ጭራሽ ሳይቆርጥ ለቀረው ግብር ነው፣ ያውም ለፍሬ ግብሩ ብቻ። የዘገየበት ወለድ ደግሞ የአሠሪው የራሱ ዕዳ ነው፣ ወደ ማንም አይተላለፍም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ሐመልማል። ዛሬ ስድስተኛ ቀን ነው ብለሻል። ያንን ቁጥር አጥብቀሽ ያዢው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው የውሳኔው ደብዳቤ በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ 15 ቀን አለሽ። ቢሮ መመላለስና ከኦዲተሩ ጋር መነጋገር ይህን ቀን አያቆመውም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ነገ ና፣ እናየዋለን» ሲባል ይከርምና ቀኑ ያልፍበታል።

ከመክፈልሽም ከመከራከርሽም በፊት ግን ቁጥሩን አጣሪ። ሦስት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጪ፦ የየወሩን የደመወዝ መክፈያ ሉህ፣ በየወሩ ያቀረባችሁትን ማስታወቂያ፣ እና የባንክ ስቴትመንቱን። ስቴትመንቱ ላይ ወደ ገቢዎች የወጣ ብር ሁሉ ይሰመርበት፣ የየትኛው ወር እንደሆነ ይጻፍበት። ሒሳብ ሠራተኛ ሲለቅ የሚቀረው ችግር ሁልጊዜ አለመክፈል ብቻ አይደለም። ከፍሎ በተሳሳተ ወር፣ በተሳሳተ ዓመት ወይም በሌላ የግብር ዓይነት ያስመዘገበውም ያጋጥማል። ብሩ ገብቷል፣ ግን በሌላ ወር ስም ተቀምጧል። ኦዲተሩ የሚያየው የወሩን ሣጥን ባዶ መሆን ነው።

ጽጌ

እኔ ደግሞ ሠራተኛ ነኝ። አሠሪዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆርጥብኝ ነበር፣ አሁን ለገቢዎች እንዳላስገባ ሰማሁ። እኔን ይጠይቁኛል ማለት ነው? ሌላ ቦታ ሥራ ልቀይር ነበር፣ ፈርቼ ተውኩት።

የመዝገብ ሰው

ጽጌ፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ግን መልሱ አጭር ነው። ከተቆረጠብሽ ተጠያቂው አሠሪሽ ነው። የደመወዝ ወረቀቶችሽን ሁሉ ሰብስበሽ ያዢ፣ ሳትለቂም የተቆረጠውን የሚገልጽ ማስረጃ በማኅተም ውሰጂ። የጡረታሽንም አጣሪ። ከግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ግብሩን ያላስገባ ሰው ጡረታውንም ሳያስገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሐመልማል፣ አንቺም ይህን ዛሬውኑ እይ። ኦዲቱ ባያነሳውም እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

ሐመልማል (ጠያቂ)

ሌሊቱን ስቴትመንት ሳገላብጥ አደርኩ። አገኘሁት! የመጋቢት 2016 ክፍያ 38,000 ብር ወጥቷል። የክፍያ ወረቀቱ ላይ ግን ወሩ መጋቢት 2015 ተብሎ ተሞልቷል። የ2015 መጋቢት ደግሞ በጊዜው ተከፍሏል፣ ደረሰኙ አለ። ጡረታው በየወሩ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀሩት አምስት ወራት ግን እውነት አልተከፈሉም።

የመዝገብ ሰው

እሰይ! እንግዲህ ያልተከራከርሽበት ፍሬ ግብር 190,000 ብር ሆነ። የምትከራከሪበት 38,000 ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ቅሬታ ስታቀርቢ የማትከራከሪበትን ግብር አስቀድመሽ መክፈል አለብሽ። ካልከፈልሽ ቅሬታው በሕጉ መሠረት እንደቀረበ አይቆጠርም። «ከከፈልሽ አመንሽ» የሚለው ምክር የሚጎዳው ለዚህ ነው። መጋቢትን ለማስተካከል ጥርና የካቲትን፣ ሚያዝያን፣ ግንቦትንና ሰኔን መክፈል አለብሽ።

ሁለተኛው ምክንያት ወለዱ ነው። ወለዱ የሚሰላው ባለፈው ሩብ ዓመት በነበረው ከፍተኛ የባንክ ማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ነው። ባንክ ተበድረሽ ብትከፍዪ እንኳ ከዚህ ይሻላል። የሚያድገው ደግሞ ፍሬ ግብሩ እስካለ ድረስ ነው። ደግነቱ፣ ከጠቅላላ ዕዳሽ ያነሰ ስትከፍዪ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚያርፈው ፍሬ ግብሩ ላይ ነው። ከዚያ ወለድ፣ ከዚያ መቀጫ። ስለዚህ 190,000 ብሩን ካስገባሽ እሳቱ ይቆማል። የቀረው ለመነጋገር ጊዜ ይሰጣል።

ስትከፍዪ ያንን ያለፈውን ስህተት አትድገሚ። በድፍኑ አንድ ክፍያ አታድርጊ። አምስቱን ወር ለየብቻ፣ ወሩንና ዓመቱን ሁለት ሰው አይቶት ክፈዪ።

ሚዛን

መቀጫው እንዴት ነው የተጻፈው? ያልገባ ተቀናሽ ግብር ላይ 10 በመቶ መቀጫ አለ፣ በ228,000 ሲሰላ 22,800 ነው። ከዚያ ሌላ የዘገየ ክፍያ መቀጫ የሚባል አለ፣ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ። ሁለቱም አብረው ተጽፈው ከሆነ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ እየተቀጣ ነው። እኔ ይህን በቅሬታ ላይ አንስቼ ተከራክሬበታለሁ።

ሐመልማል (ጠያቂ)

አዎ፣ ሁለቱም አሉ። የጥር ወር ብቻውን የዘገየ ክፍያ ተብሎ 27 በመቶ ተጽፎበታል።

የመዝገብ ሰው

አሥራ ሁለት ወር ዘግይቷል ብለው ነው። 5 እና አሥራ አንድ ጊዜ 2፣ 27 ይሆናል። ስሌቱ ልክ ነው። ሁለቱ አብረው መጻፋቸው ልክ ነው ወይ የሚለው ግን ከሚዛን ጋር በቅሬታው ላይ መቅረብ አለበት እላለሁ። እያንዳንዱ መቀጫ በየትኛው አንቀጽ እንደተጣለ በጽሑፍ እንዲገለጽልሽ ጠይቂ።

ሚዛን

የኔ ተቀንሶልኛል። ጓደኛዬ ላይ ግን ሌላ ቅርንጫፍ ሁለቱንም አጽንቶበታል፣ አሁን ይግባኝ ላይ ነው። ስለዚህ እርግጠኛ ሆነሽ አትቁጠሪው።

ባለ ድርጅቱ

በሠራተኞቹ ነገር ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ግን እሷን በግሏ የሚነካት 2,000 ብር ቅጣት ብቻ አይደለም እንዴ? ድርጅቱ ነው ባለ ዕዳው። ለምን ራሷን ታስጨንቃለች?

የመዝገብ ሰው

2,000 ብሩ አለ። ሥራ አስኪያጁም ዋናው የሒሳብ ሹምም እያንዳንዳቸው ይቀጣሉ። ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ድርጅቱ ግብሩን ካልከፈለ በጊዜው ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ከድርጅቱ ጋር በአንድነት ለዕዳው ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለመሰወር ብሎ ቆርጦ ያላስገባ ሰው ጉዳይ ነው። እሱ ወንጀል ነው፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት እስራት አለው። የሐመልማል ማስታወቂያዎች በየወሩ በእውነተኛው ቁጥር መቅረባቸው እዚህ ላይ ይረዳታል። ዕዳውን አልደበቀችም፣ ራሷ አስመዝግባዋለች። ስለዚህ ማስታወቂያዎቹን አትማ የቅሬታው አባሪ ታድርጋቸው።

ሐመልማል (ጠያቂ)

ቀሪውን 70,000 ብር ከየት ላምጣ? በየወሩ ልክፈል ብዬ ባመለክትስ?

የመዝገብ ሰው

በክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ማመልከት ትችያለሽ፣ በጽሑፍ። ከተፈቀደልሽ በየወሩ የምትከፍዪው ይወሰናል፣ ወለዱ ግን ይቀጥላል። አንዱን ወር ካሳለፍሽ የቀረው ሁሉ በአንዴ ይጠየቃል። ጥያቄው የሚያስፈልገውን ያህል ቶሎ ስለማይመለስ፣ ለቅሬታው ቀን ብቻ ብዬ በሱ አልተማመንም። ለፍሬ ግብሩ ከባለድርሻዎቹ ብድር ውሰዱ፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ማራዘሚያውን ለወለዱና ለመቀጫው ጠይቂበት።

አንድ ነገር ደግሞ። የዚህ ወር ተቀናሽ በጊዜው ይግባ። አሮጌውን እየከፈሉ አዲሱን የሚያሳልፉ አይቻለሁ። ያኔ የማራዘሚያ ጥያቄሽን የሚያይ ሰው ምን ብሎ ይፈቅድልሻል? ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ተቀናሹን ወደ ሌላ አካውንት አውጪው። የወሩ ግብር መክፈያ ወሩ ካለቀ በኋላ እስከ 30 ቀን ነው። ያ 30 ቀን ነው ብሩን በየኪራዩ እንዲሄድ ያደረገው።

ሐመልማል (ጠያቂ)

ተመልሻለሁ፣ ዛሬ 17ኛው ቀን ነው። ሁለቱ ባለድርሻዎች 70,000 ብር አበደሩን። አምስቱንም ወር ለየብቻ ከፈልኩ፣ ደረሰኞቹ እጄ ላይ ናቸው። ቅሬታውን ትናንት አስገባሁ። አንዱ ነጥብ መጋቢት ነው፣ የክፍያ ወረቀቱና ሁለቱ የመጋቢት ደረሰኞች ተያይዘዋል። ሌላው የሁለቱ መቀጫ ነገር ነው። ቅጂዬ ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስመትቻለሁ።

የቅሬታ ክፍሉ ሠራተኛ መጋቢትን ሲያይ «ይህ ይስተካከላል» አለኝ። ስለ መቀጫው ግን ምንም አላለም። ከተስተካከለ 10 በመቶውም ከ22,800 ወደ 19,000 ይወርዳል። ወለዱ ገና እንደገና መሰላት አለበት።

ሚዛን

«ይስተካከላል» ያለሽን በጽሑፍ እስኪሰጡሽ አትቀበዪው። ውሳኔው ካልተስማማሽ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን በ30 ቀን ውስጥ መሄድ ይቻላል። እዚያ ግን ከተከራከርሽበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ያስፈልጋል። አንቺ መጋቢት ብቻ ከቀረሽ 19,000 ነው፣ ከአሁኑ ለይተሽ አስቀምጪው።

ጽጌ

እኔም ዛሬ የደመወዝ ወረቀቶቼን ጠየቅኩ። የስምንት ወር ብቻ ሰጡኝ። የቀረውን «ሰነዱ የለም» አሉኝ። ባንክ የገባልኝ የተጣራ ደመወዝና የቅጥር ውሌ አሉኝ፣ ይበቃኛል?

የመዝገብ ሰው

ውሉ ላይ ጠቅላላ ደመወዝሽ ካለ በደንብ ይረዳሻል። ከባንክ የገባው የተጣራው ነው፣ ልዩነቱ የተቆረጠው ነው። ስቴትመንቱን ባንኩ በማኅተም ይስጥሽ፣ የቀሩትን ወራት ደግሞ በደብዳቤ ጠይቂያቸው፣ ቅጂውን አስቀሪ።