በወር 6,000 ብር የሚከፍል ሰው ቢበዛ ስንት ብር መበደር ይችላል?

ጠያቂ፦ ሰፊዋ፣ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ

በቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። የቤትና የሱቅ ኪራዩን፣ የልጆቹን ወጪ፣ የጨርቁንና የክሩን ሂሳብ ከቀነስሁ በኋላ ለብድር ክፍያ በወር 6,000 ብር ይተርፈኛል። አበዳሪው ተቋም ወለዱ በዓመት 18 ከመቶ፣ የመክፈያው ጊዜም 3 ዓመት መሆኑን ከነገረኝ በኋላ «ስንት ይፈልጋሉ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሰው ሁሉ ብድሩን ይዞ ወርኃዊ ክፍያውን ያሰላል፤ እኔ የቸገረኝ ተገላቢጦሹ ነው። 6,000 ብር የስንት ብር ዕዳ ይሸከማል?

የአራዳው ነጋዴ

እህቴ፣ ይህ አያስቸግርም። 6,000 ብር በ36 ወር 216,000 ይሆናል። 18 ከመቶ በ3 ዓመት 54 ከመቶ ስለሆነ፣ 216,000ን ለ1.54 ሲያካፍሉት 140,260 ብር ያገኛሉ። ከ216,000 ላይ 54 ከመቶ የሚቀንሱ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ተሳስተዋል፣ ምክንያቱም ወለዱ የሚታሰበው በተበደሩት ገንዘብ ላይ እንጂ በጠቅላላ ክፍያው ላይ አይደለም። እኔ ለሱቄ ስበደር ያሰላሁት እንዲሁ ነበር፤ አበዳሪው ካወጣው ቁጥር ጋርም ገጥሞልኛል።

ከማራኪ

አንድ ነገር እንዳይዘነጋ ብዬ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ 6,000 ብር እንዲቆረጥብዎ ደመወዝዎ ቢያንስ 18,000 ብር መሆን አለበት። እኔ በዚሁ ምክንያት የጠየቅሁት ብድር ተቀንሶብኛል። የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤዎን አስቀድመው ቢያወጡ ጥሩ ነው።

ሰፊዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ነገር ግን ደመወዝ የለኝም፤ የምተዳደረው በራሴ መርፌ ነው። የአራዳው ወንድሜ የነገሩኝን 140,260 ይዤ ልሂድ?

የአዘዞው ሒሳብ ሠራተኛ

ገና አይሂዱ። ከላይ የቀረበው ስሌት ለአንድ ዓይነት ብድር ብቻ ትክክል ነው፤ እርሱም ወለዱ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ መጀመሪያ በወሰዱት ሙሉ ገንዘብ ላይ የሚታሰብበት፣ ብዙ ሰው «ፍላት» የሚለው ነው። የነጋዴው ወንድማችን ቁጥር ከአበዳሪያቸው ጋር መግጠሙ ብድራቸው የዚህ ዓይነት እንደነበር ያሳያል። ወለዱ ገና ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን የእርስዎ 6,000 ብር ከዚያ የበለጠ ይሸከማል።

ይህኛውን ስሌት ከመጨረሻው ወር ተነሥተው ወደ ኋላ ቢያስቡት ይቀላል። በ36ኛው ወር 6,000 ብር ከፍለው ዕዳው እንዲያልቅ፣ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የነበረው ዕዳ የአንድ ወር ወለድ ሲጨመርበት ልክ 6,000 መሆን አለበት። የዓመቱ 18 ከመቶ በወር 1.5 ከመቶ ነውና 6,000ን ለ1.015 ሲያካፍሉ 5,911.33 ብር ይመጣል። በዚህ ላይ የ35ኛውን ወር 6,000 ይደምሩና እንደገና ለ1.015 ያካፍሉ፤ 11,735.30 ይሆናል። በሱቅዎ ባለችው ተራ የሒሳብ ማሽን «6,000 ደምር፣ ለ1.015 አካፍል» እያሉ ይህንኑ በድምሩ 36 ጊዜ ቢደጋግሙት 165,964 ብር ላይ ይደርሳሉ። ብድሩን በሚቀበሉበት ቀን ሊኖርብዎ የሚችለው ትልቁ ዕዳ ይህ ነው። ኤክሴል ያለው ሰው ካገኙ በአንድ መስመር ይወጣል፤ የክፍያው ምልክት ተቀናሽ መሆኑን ብቻ ይጠንቀቁ፣ አለበለዚያ መልሱ ራሱ ተቀናሽ ሆኖ ይመጣል።

```
=PV(18%/12,36,-6000)
```

እንግዲህ በ140,260 እና በ165,964 መካከል ወደ 25,700 ብር የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ሁለቱም ግን «18 ከመቶ» ተብለው ይነገራሉ። ለ3 ዓመት በፍላት የታሰበ 18 ከመቶ በቀሪ ዕዳ ላይ በሚታሰበው ቢለካ በዓመት ከ30 ከመቶ ይበልጣል። ስለዚህ በቃል የተነገረዎትን ትተው የክፍያ ሠንጠረዡ ታትሞ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የወለዱ ዓምድ ከወር ወደ ወር እየቀነሰ የሚወርድ ከሆነ በቀሪ ዕዳ ላይ የታሰበ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ከሆነ ፍላት ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ይመልሱልኝ። ከክፍያው ጋር አብሮ በየወሩ የሚያስገቡት አስገዳጅ ቁጠባ አለ? ብድሩ ሲለቀቅ ከላዩ የሚቆረጥ የአገልግሎት ክፍያስ?

ሰፊዋ

ሁለቱም አሉ። በየወሩ 300 ብር እንድቆጥብ፣ ከብድሩም ላይ 2 ከመቶ ለአገልግሎት እንደሚቆረጥ ተነግሮኛል። ቁጠባው የራሴ ገንዘብ ስለሆነ ከሂሳቡ ውጪ ነው ብዬ ነው ያላነሣሁት።

የአዘዞው ሒሳብ ሠራተኛ

ገንዘቡ የእርስዎ መሆኑ እውነት ነው፤ ዛሬ ከኪስዎ የሚወጣው ግን ከዚያው ከ6,000 ብር ላይ ነው። ስለዚህ ለዕዳው የሚቀረው 5,700 ብር ስለሆነ በቀመሩ ውስጥ ይህን ያስገቡ፤ ትልቁ ብድር ወደ 157,666 ብር ይወርዳል። የአገልግሎት ክፍያው ግን የሚነካው ወርኃዊ ክፍያዎን ሳይሆን እጅዎ የሚገባውን ገንዘብ ነው። 2 ከመቶው 3,153 ብር ስለሆነ ይዘው የሚወጡት 154,513 ብር ነው፤ ወለዱ ግን በ157,666 ላይ ይታሰባል። ልትገዙት ያሰባችሁት ዕቃ ዋጋ መወዳደር ያለበት ከ154,513 ጋር መሆኑን ብዙ ሰው የሚገነዘበው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የብድር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ በየሳምንቱ ያየሁት ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ቁጥሩን ለመፈተን የመጀመሪያውን ወር ብቻ ይሥሩ። የ157,666 ብር 1.5 ከመቶ 2,365 ብር ነው። ከ5,700 ላይ ይህ ሲነሣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 3,335 ስለሚሆን 154,331 ብር ይቀራል፤ የሁለተኛው ወር ወለድ እንግዲህ 2,315 ብር ነው።

የአራዳው ነጋዴ

ፍላት መሆኑን ሳላውቅ ነው የከፈልሁት ማለት ነው፤ ይሁን። ግን 3 ዓመት ለምን? አበዳሪው 5 ዓመት ከሰጠ በዚያው 5,700 ብር ብዙ ይገኝ የለም ወይ?

የአዘዞው ሒሳብ ሠራተኛ

ይገኛል፤ በ60 ወር 224,467 ብር ይሆናል። ሆኖም የተጨመሩት 24 ክፍያዎች 136,800 ብር ሲሆኑ ብድሩን ከፍ ያደረጉት በ66,801 ብር ብቻ ነው። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ወደ ኋላ የማካፈል ሥራ ራሱ ነው፤ የ60ኛው ወር 5,700 ብር 60 ጊዜ ለ1.015 ተካፍሎ ወደ ዛሬ ሲደርስ 2,333 ብር ብቻ ይሆናል። ጊዜው ማለቂያ ባይኖረው እንኳ 5,700 ብር ከ380,000 በላይ አይሸከምም፣ እዚያ ላይ ክፍያው በሙሉ ለወለድ ሄዶ ዕዳው ባለበት ይቆማልና።

የሙሽራ ልብስ ሰፊ

እኔም እዚሁ ጎንደር የዚሁ ሥራ ባለቤት ስለሆንሁ የሁላችሁም ስሌት ያልደረሰበትን ልናገር። እህቴ፣ 6,000 ብሩ የየትኛው ወር ነው? በጥር ጥምቀቱም ሠርጉም ተደራርቦ ሌሊት ጭምር እንሰፋለን፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለማይኖር ማሽኑ አቧራ ይጠጣል። እኔ ከዓመታት በፊት የጥርን ገቢ ይዤ ተበድሬ በመጀመሪያው ሁዳዴ ሁለት ክፍያ አሳለፍሁ፤ መቀጫው ብቻ ሳይሆን ዋስ የሆነኝ የወንድሜ ስልክ መጨነቁ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። የኔ ምክር ከዓመቱ በጣም ደካማ የሆነውን ወር ይዘው እንዲያሰሉ ነው።

ሰፊዋ

እውነትዎን ነው፣ እኔ የያዝሁት የዓመቱን አማካይ ነው። በሁዳዴ ከ4,500 ብር በላይ ላይተርፈኝ ይችላል።

የአዘዞው ሒሳብ ሠራተኛ

በ4,500 ካሰሉት ቁጠባው ተነሥቶ 4,200 ብር ለዕዳው ይቀራል፤ ብድሩም ወደ 116,175 ይወርዳል። እኔ ግን እስከዚያ መውረድ የግድ ነው አልልም። በሁዳዴ የሚጎድለው 1,500 ብር ለሁለት ወር ያህል 3,000 ብር ስለሆነ፣ በጥር ይህን ለብቻው አስቀምጠው መሻገር ይችላሉ። ይህ የሚሠራው ግን የመጀመሪያው ሁዳዴ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ አንድ ጥር ካገኙ ነው፤ ብድሩን በየካቲት ተቀብለው ወዲያው መክፈል ከጀመሩ ግን የሚያስቀምጡት አይኖርም።

የሙሽራ ልብስ ሰፊ

በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በጥር እጅ ላይ ያለ ገንዘብ ግን ለጥጥና ለጥለት ክር ይሄዳል እንጂ ተቀምጦ ሁዳዴን አይጠብቅም። ክረምቱም አለ። እኔ በሐሳቤ እንደጸናሁ ነኝ።

ሰፊዋ

ዛሬ ሄጄ ለ157,000 ብር የተሠራ የክፍያ ሠንጠረዥ አሳተምሁ። በወለዱ ዓምድ የመጀመሪያው መስመር 2,355፣ ሁለተኛው 2,305 ብር ይላል፤ እየቀነሰ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፍላት አይደለም። ሁለታችሁ ባትስማሙም እኔ በመካከል 140,000 ብር ለመጠየቅ አስቤአለሁ፤ ክፍያው 5,061 ብር፣ ከቁጠባው ጋር 5,361 ብር ይመጣል። በሁዳዴ የሚጎድለኝ ከ900 ብር ያነሰ ስለሆነ ያን ያህል ከእኅቴም ቢሆን አላጣም። በጾሙ ወራት ክፍያው ዝቅ ብሎ በጥር ከፍ እንዲል ስጠይቅ ግን የብድር ኮሚቴው ይወስናል ተብያለሁ። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የተፈቀደለት ሰው ካለ፣ በማመልከቻው ላይ ምን እንዳቀረበ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።