ሁለት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓይነት ክፍያ፦ የቱ ነው የሚረክሰው?

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን አንደኛ ክፍል ላስገባ ነው። ሁለት የግል ትምህርት ቤት አይቻለሁ፤ በትምህርቱ ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። ለሒሳብ እንዲቀል የአንዱን የወር ክፍያ 100 ልበለው። እሱ ለቤቴ ቅርብ ነው፣ መመዝገቢያው 150። ሩቅ ያለው በወር 120 ነው፣ መመዝገቢያው ግን 60 ብቻ። ሌላ ምን ልጠይቅ? ከገባሁ በኋላ "ይሄም አለ፣ ያም አለ" እንዳልባል ፈራሁ።

የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። 100 ከ120 ያንሳል። የመመዝገቢያው ልዩነት 90 ነው፤ በአምስት ወር ታካክሺዋለሽ። ደግሞ የዓመቱን በአንዴ እከፍላለሁ በያቸው፤ ብዙዎቹ ቅናሽ ያደርጋሉ። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል የሠራሁ

ወንድሜ ስለ ቅናሹ ያሉት ልክ ነው። የወር ክፍያን ከወር ክፍያ ጋር ማስተያየቱ ግን ያሳስታል። አንዱ በዓመት 10 ወር ያስከፍላል፣ ሌላው የክረምቱን ጨምሮ 12 ወር። ሁለቱም ግን "በወር ይሄን ያህል" ነው የሚሉሽ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ "የስንት ወር ነው የምከፍለው?" ይሁን።

ሁለተኛው ስለ መመዝገቢያው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ በየዓመቱ? ለነባር ተማሪ ስሙን ቀይረው "የማደሻ" የሚሉት አለ፤ ብሩ ግን ያው ነው። ከዚያ መጽሐፍ፣ ደንብ ልብስና ሰርቪስ። መጽሐፉን ስትጠይቂ ውስጡ የሚጻፍበት መሆኑን እዪ። የሚጻፍበት ከሆነ ለታናሽ አይተላለፍም፣ በየዓመቱ አዲስ ትገዢያለሽ። ደንብ ልብሱን ከውጭ ማሰፋት ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ከእነሱ ብቻ ግዙ ካሉ ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሒሳብ ክፍሉን "ሌላ ክፍያ አለ?" ብለሽ አትጠይቂ። "የለም" ነው የምትባዪው፤ ውሸትም አይሆንም፣ እኛ ጋ የሚመዘገበው መደበኛው ክፍያ ብቻ ነውና። በር ላይ ልጅ የሚጠብቁ ወላጆችን ያዢና "ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ገንዘብ አምጡ ተባላችሁ? ለምን ለምን?" በያቸው። የፈተና ወረቀት፣ ጉብኝት፣ የፎቶ፣ የምርቃት ልብስ፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያ የሚወጣው እዚያ ነው።

ኮርስ የተማረች

እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ! የኮምፒውተር ኮርስ ነበር። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ከፍዬ ጨረስኩ፤ መጨረሻ ላይ የፈተና ለብቻ፣ የሰርተፍኬት ለብቻ ተባልኩ። ሳልከፍል ብወጣ ደግሞ የተማርኩበት ማስረጃ የለኝም።

ለኮርስ ፈላጊ የምመክረው ሰዓቱን እንዲቆጥር ነው። የኔው "የ3 ወር" ይባል ነበር፣ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። በ12 ሳምንት 48 ሰዓት ማለት ነው። ጓደኛዬ "የ2 ወር" ገባች፤ በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ተማረች። በ8 ሳምንት 80 ሰዓት። የኔ ረጅም መስሎኝ ነበር። ይቅርታ፣ ጥያቄው የልጅ ትምህርት ቤት መሆኑን አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሄጄ ጠይቄ መጣሁ። ቅርቡ 12 ወር ያስከፍላል! ሩቁ 10 ወር ነው። መመዝገቢያው ሁለቱም ጋ በየዓመቱ ነው። መጽሐፍ ቅርቡ ጋ 180፣ ይጻፍበታል። ሩቁ ጋ መጽሐፉ በክፍያው ውስጥ ነው፣ ደብተር ብቻ 40 አካባቢ። ደንብ ልብስ 90 እና 70። ሩቁ ሰርቪስ ያስፈልገዋል፣ በወር 20። አንድ እናት ደግሞ ሹክ አለችኝ፤ ሩቁ ለአዲስ ተማሪ አንድ ጊዜ ብቻ 200 የግንባታ መዋጮ ይቀበላል። በወረቀታቸው ላይ የለም።

ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል የሠራሁ

ጎበዝ፣ ይሄ ነው የሚፈለገው። የትምህርቱ ክፍያ ሁለቱም 1200 ሆነ፤ የ20 ልዩነት የሚባለው ጠፋ። ቅርቡ ላይ 150፣ 180 እና 90 ስትጨምሪ በዓመት 1620 ነው። ሩቁ ላይ 60፣ 40፣ 70 እና የሰርቪስ 200 ተደምሮ 1570፤ በመጀመሪያው ዓመት መዋጮው ሲገባ 1770።

ስለዚህ ዘንድሮ ሩቁ በ150 ይወደዳል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በ50 ይረክሳል። አራት ዓመት ብትደምሪ ሁለቱም 6480 ላይ ይገናኛሉ፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ሩቁ ያተርፍሻል። ቤት የምትቀይሪ ወይም ልጁን የምታዘዋውሪ ከሆነ ግን መዋጮው ሳይመለስልሽ ትወጫለሽ። ደንብ ልብሱን በየዓመቱ እንደምትገዢ አድርጌ ነው ያሰላሁት፤ አንዱ ልብስ ሁለት ዓመት ከቆየልሽ ቁጥሩ ትንሽ ይቀየራል።

ልጇን መሃል ላይ ያስወጣች

የዓመቱን በአንዴ ስለመክፈል አንድ ነገር ልበል። እኔ ቅናሹን አይቼ ሙሉውን ከፈልኩ። ከአራት ወር በኋላ በሥራ ምክንያት ከተማ ቀየርን። "የተከፈለ አይመለስም" አሉኝ። ደረሰኙን ሳገላብጠው ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ስከፍል ማንም አልነገረኝም። ያተረፍኩት ቅናሽ የአንድ ወር ክፍያ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ያጣሁት የስድስት ወር ነው። እባክሽ ከመክፈልሽ በፊት "መሃል ላይ ብንወጣ ምን ይመለሳል?" በይና መልሱን በጽሑፍ ተቀበያቸው።

የሦስት ልጆች አባት

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የኛ ልጆች ከአንድ ትምህርት ቤት ስላልወጡ ይሆናል። ግን ስለ ጭማሪው ማንም አላነሳም። በየዓመቱ ይጨምራሉ እኮ፣ ያኔ ይሄ ሁሉ ስሌት ምን ይረባል?

ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል የሠራሁ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱም በመቶኛ እኩል ከጨመሩ የትምህርቱ ክፍያ አሁንም እኩል ይሄዳል፣ መነሻው 1200 ነውና። የሚያስፈራው ሩቁ በልጦ ሲጨምር ነው። ቅርቡ 10 በመቶ ጨምሮ ሩቁ 15 ቢጨምር፣ ልዩነቱ በዓመት 60 ይሆናል። ያቺ የ50 ትርፍ ጠፋች ማለት ነው። የሚመጣውን ማንም አያውቅም። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ጭማሪ ግን ነባር ወላጆች ያስታውሳሉ፤ አንዳንዱ ደረሰኙን አስቀምጧል።

ጠያቂዋ

ነገ ጠዋት ሩቁ በር ላይ እቆማለሁ። የጭማሪውን ታሪክ ከወላጆች እሰማለሁ፤ መዋጮው ደረሰኝ ይሰጥበት እንደሆነም ሒሳብ ክፍሉን እጠይቃለሁ። ታናሽ ልጄ ከሁለት ዓመት በኋላ ይገባል። ለሁለተኛ ልጅ መዋጮውን የማያስከፍሉ ከሆነ ሩቁን ልመርጥ ነው፤ ካስከፈሉ ግን ገና አልቆረጥኩም። እዚህ ቤት ሁለት ልጅ ያስተማረና መዋጮ ሁለቴ የከፈለ ሰው አለ?