የማስታወቂያችን ማጀቢያ ሙዚቃ ምንጩ ጠፋን፤ ዩቲዩብ ላይ የመብት ጥያቄ መጥቶበታል፤ ባዛሩ ነገ ነው

ልጅ ከጠባሴ
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ! ለመንዝ ባና ሠሪዎች የሠራነው የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ዩቲዩብ ላይ የኮፒራይት ስትራይክ መታው። ከቪዲዮው በፊት የሌላ ነጋዴ ማስታወቂያ እየገባ ነው፤ ባለቤቶቹ ደውለው ተቆጥተዋል። ሙዚቃውን የመረጠው አብሮኝ ይሠራ የነበረ ኤዲተር ነው፤ አሁን ስልኩ አይሠራም። ሻዛም ሳደርገው አንድ የራፕ ዘፈን ያመጣል፤ የእኛው ላይ ግን የሚዘፍን ሰው የለም። ነገ ደብረ ብርሃን ባዛር አላቸው። ይህ ሙዚቃ የማን እንደሆነ በምን ላግኘው?

ሸዋሮቢቴ
አጥፋውና ሌላ ሙዚቃ አድርገህበት እንደገና ጫነው። ምን ያስጨንቃል?

ካሜራማን ዓለም ከተማ
ማጥፋት አያስፈልግም። ሙዚቃውን በትንሹ አፍጥነው፣ ቃናውንም ግማሽ ኖታ ከፍ አድርገው፤ ማሽኑ አያውቀውም። ደግሞም ከ15 ሰከንድ በታች ከተጠቀምክ መብት ነው።

የመሃል ሜዳዋ
እኔም ላይ ደርሷል! የእህቴን ሰርግ ፌስቡክ ላይ ስለጥፈው ሙሽሮቹ የገቡበት ዘፈን ድምፁ ጠፋብኝ። ዘፈኑን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ዘፋኙን ማስፈቀድ ነበረብኝ እንዴ? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ጋሽ ማሲንቆ
ልጄ፣ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። የመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ባና ሲሆን እያሳየህ ከበስተጀርባው የፈረንጅ ጊታርና ጭብጨባ ምን ያደርጋል? በባቲ ቅኝት አንድ ደቂቃ የሚገርፍልህ ማሲንቆ ተጫዋች ደብረ ብርሃን ውስጥ አታጣም። ክፈለውና ለማስታወቂያ እንድትጠቀምበት መፍቀዱን በወረቀት አስፈርመው። ከዚያ ማንም አይከስህም።

ልጅ ከጠባሴ
ጋሼ እውነትዎን ነው፤ ለሚቀጥለው እንደዚያ አደርጋለሁ። ለነገ ግን አይደርስም። ሸዋሮቢቴ፣ ማጥፋት አልችልም፤ የቪዲዮው ሊንክ በኪውአር ኮድ ባነሩ ላይ ታትሟል። ካጠፋሁት ኮዱ የትም አያደርስም።

ሸዋሮቢቴ
እንግዲያው አጥፍተህ ጫንና አዲስ ኮድ አሳትም።

ጆሮ ሰጪ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። የመጣብህ ስትራይክ ሳይሆን ክሌም ይመስለኛል። ስትራይክ ቢሆን ቪዲዮው ይነሳ ነበር፤ ክሌም ግን ብዙ ጊዜ ቪዲዮውን ትቶ ማስታወቂያ ያስገባበታል፣ ገቢውም ለባለመብቱ ይሄዳል። ከስም ፍለጋ ይልቅ የሚጠቅምህ አንድ ነገር እዚያው ክሌሙ ውስጥ አለ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ግባ፣ Content ላይ ቪዲዮውን ፈልግ፣ Copyright የሚለውን ነክተህ See details በል። የሙዚቃው ርዕስ፣ የጠያቂው ስምና ከየትኛው ሰከንድ እስከ የትኛው እንደተያዘ ይታያል። ይህን ጻፍልን። ደግሞ ተራኪው የማይናገርበትን የቪዲዮውን ክፍል ቆርጠህ ላክ፦

```
ffmpeg -i bana.mp4 -ss 50 -t 10 -vn kurach.wav
```

ካሜራማን፣ ማፍጠኑ ሻዛምን ሊያሳስት ይችላል፤ እዚህ ግን ቪዲዮው ከተጫነ በኋላ ስለሆነ ምንም አይጠቅመውም። 15 ሰከንድ የሚባለው ሕግ ደግሞ የለም። አጭርም ቢሆን ክሌም ሊመጣ ይችላል።

ካሜራማን ዓለም ከተማ
እኔ ግን ስንቴ አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልመጣብኝም።

ልጅ ከጠባሴ
አየሁት። ርዕሱ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ "inspiring" ያለበት። ከራፑ ዘፈን ጋር አይገናኝም። ጠያቂው ደግሞ ሙዚቀኛ ሳይሆን ለሌሎች መብት የሚያስከብር ድርጅት ነው። ከ0:00 እስከ 0:58 ተይዟል። ቁራጩን ልኬያለሁ። ጊታር፣ ጭብጨባና ደወል የመሰለች ድምፅ አለች። ፕሮጀክቱ የነበረበት ሃርድ ዲስክ ተበላሽቷል።

ጆሮ ሰጪ
የራፑ ነገር እንዲህ ነው። ለማስታወቂያ የሚሆን ሙዚቃ ከሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር የተገዛ ማጀቢያ ላይ አንዱ ራፕ አድርጎበት እንደ ራሱ ዘፈን ለቆታል። መደብሮቹ ያሏቸው ብዙ ሙዚቃዎች ሻዛም ዘንድ አልተመዘገቡም፤ ስለዚህ የሚያመጣው በላዩ የተሠራውን ዘፈን ነው። ዘፈኑን ክፈተውና ከድምፁ ሥር ያለውን ስማ። የእናንተው ጊታር ከሆነ ራፐሩን ተወው፤ ፈቃድ ሊሰጥህ የሚችል ሰው እሱ አይደለም። የክሌሙ ርዕስ ይሻላል።

ጠጋኝ አንጎለላ
ፕሮጀክቱ ተቀድቶ የተላከበት ቦታ የለም? ፍላሽ፣ ኢሜይል፣ ቴሌግራም? ፕሪሚየር ከሆነ አንድ `.prproj` ፋይል ይበቃል። ቪዲዮዎቹ ባይኖሩም የሙዚቃው ፋይል ስም ውስጡ ተጽፎ ይቀራል። ፋይሉ የተጠቀጠቀ ጽሑፍ ነው፦

```
gzip -dc bana.prproj | grep -iE "\.(mp3|wav)"
```

ዊንዶውስ ከሆንክ በ7-Zip ፍታውና በኖትፓድ `.mp3` ብለህ ፈልግ።

ልጅ ከጠባሴ
ወይ ተባረክ! ለእርማት በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። በወጡት መስመሮች ውስጥ ያለው የፋይል ስም ይሄ ብቻ ነው፦

```
preview.mp3
```

ጆሮ ሰጪ
preview ማለት ናሙና ነው፤ ይህ ስም እኔ በጆሮዬ ከሰማሁት ጋር ገጠመ። ከላክኸው ቁራጭ ላይ ድምፁን ከፍ አድርገህ በጆሮ ማዳመጫ ስማ፤ መጨረሻው አካባቢ ከጊታሩ ኋላ አንድ ሰው "ኦዲዮጃንግል" ይላል። ሳይገዛ ለሚያዳምጥ ሰው በሚሰጠው ናሙና ላይ መደብሩ የሚያስገባው ምልክት ነው። በሌላው ክፍል ተራኪያችሁ ሲናገር ተሸፍኖ ነው ያልሰማችሁት። ስለዚህ ሁለት ነገር ታወቀ፦ መደብሩ የትኛው እንደሆነና ኤዲተራችሁ ናሙናውን አውርዶ መጠቀሙ፤ ፈቃድ አልተገዛም ማለት ነው። የፈቃድ ወረቀት ፍለጋ ጊዜህን አታጥፋ፤ የለም።

ልጅ ከጠባሴ
እንዴት ነው ያልሰማነው! አሁን እየሰማሁት ነው፤ ግልጽ ነው። መደብሩ ላይ ርዕሱን ስጽፍ ግን በዚያ ስም የተጠራ ገጽ ሙሉ ነው። ሁሉም ጊታርና ጭብጨባ ነው፤ ጆሮዬ ደነዘዘ።

ጆሮ ሰጪ
በዚህ ዘርፍ የሚያደክመው ይኸው ነው፤ ለማስታወቂያ የሚሠራው ሙዚቃ ሁሉ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ስለዚህ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አታዳምጥ። የማይለወጥ ነገር ያዝና በእሱ አጣራ። ቁራጭህን ለካሁት፤ በደቂቃ 120 ምት ነው። አራት ምት ያለው አንድ ባር ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ስምንት ባር 16 ሰከንድ ማለት ነው። ሙሉ ማስታወቂያውን አጫውተህ ጭብጨባው የገባበትንና ከበሮው የገባበትን ሰከንድ ጻፍ። ኤዲተሩ መጀመሪያውን ቆርጦት ሊሆን ስለሚችል የሰዓቱን ቁጥር አትመን፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ግን እመን። ርቀቱ 16 ከሆነ መደብሩ ላይ እያንዳንዱን ትራክ ጭብጨባው እስኪገባ ብቻ ስማ፣ 16 ሰከንድ ቁጠር። ከበሮ ካልገባ ወደሚቀጥለው እለፍ። ኤዲተሩ መሐሉን ቆርጦ ቀጥሎት ከሆነ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም፤ ያኔ የጊታሩን ዜማ ነው የምትከተለው።

የማስታወቂያው አንድ ደቂቃ መሆኑም አያሳስትህ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሙዚቃ በሁለት ደቂቃ ከምናምን ተሠርቶ የ60፣ የ30 እና የ15 ሰከንድ አጫጭር ቅጂዎች አብረውት ይሸጣሉ። የእናንተው ከአጭሩ ከሆነ ከበሮው ከረጅሙ ቀድሞ ሊገባ ይችላል።

ካሜራማን ዓለም ከተማ
ለምን ይለፋል? አንዳንድ መደብሮች ፋይሉን ስታስገባላቸው ተመሳሳዩን ራሳቸው ፈልገው ያመጣሉ። እኔ ሁሌ በዚያ ነው የማገኘው።

ጆሮ ሰጪ
እሱ ጥሩ ነው፤ ግን ለሌላ ጉዳይ። የሚያመጣው ፍጥነቱና ስሜቱ የሚቀርበውን ከራሱ ካታሎግ ነው። ያንኑ ቀረጻ ሌላ መደብር ቢሸጠው አያገኝልህም፤ የራሱን ጎረቤት ይሰጥሃል። ልጅ ከጠባሴ የሚፈልገው ያንኑን ነው። ባና ሠሪዎቹ "ሌላ ይሁን፣ ስሜቱ አይለወጥ" ካሉ ግን ያንተ መንገድ ይሻላል፤ ያኔ ከተራኪው ነፃ የሆነውን ቁራጭ ነው የሚያስገባው፤ ንግግር ካለበት ፍለጋው ይስታል።

"ይኸው ነው" ያልከው ትራክ በእርግጥ ያው ቀረጻ መሆኑን ለማወቅ ሁለቱን ኦዳሲቲ ላይ አስገባ፣ ምቶቹን በጣም አስጠግተህ ግጠምና ድምፃቸውን አስተካክል። ከዚያ አንዱን ብቻ Invert አድርገህ አብረህ አጫውት። ያው ቀረጻ ከሆነ ሙዚቃው እርስ በርሱ ተጣፍቶ በጣም ይደክማል። ተመሳሳይ ብቻ ከሆነ ምንም አይጠፋም፤ እንዲያውም ይንጫጫል። በኤምፒ3 ስለሆነ ፍጹም ዝምታ አትጠብቅ።

የመሃል ሜዳዋ
የእኔን ጥያቄ ማንም አልመለሰውም። የሰርጉን።

ጠጋኝ አንጎለላ
እህቴ፣ ያንቺ የታወቀ ዘፈን ነው፤ ባለቤቱ ስለሚታወቅ ፍለጋ አያስፈልገውም። ለብቻው ጠይቂ፤ እዚህ ከገባ ሁለቱም ይደባለቃል።

ልጅ ከጠባሴ
ርቀቱ በትክክል 16 ነው። ሁለት ትራክ ቀረኝ፤ ሁለቱም ጭብጨባውም ከበሮውም ይገጥማል። የአቀናባሪዎቹ ስም ግን የተለያየ ነው። እንዴት ነው? አንዱ ሌባ ነው? ደግሞስ ከዚህ ሆኜ በዶላር በምን ልክፈል? ለነገስ ምን ላድርግ?

ጆሮ ሰጪ
ሌባ ነው ለማለት አትቸኩል። አንድ አቀናባሪ በሁለት ስም መሥራቱ፣ አንዱ ቀረጻም በየመደብሩ በተለያየ ርዕስ መሸጡ የተለመደ ነው። ኢንቨርቱን በሁለቱም ሞክር። ሁለቱም ካጠፉት፣ ገጹ ላይ በዩቲዩብ የመብት መለያ ሥርዓት በContent ID ተመዝግቧል የሚለውንና ርዕሱ ከክሌምህ ጋር አንድ የሆነውን ምረጥ። ፈቃዱ ክሌሙን የሚያነሳልህ ከዚያኛው ሲገዛ ነው። ስትገዛ ደግሞ ደረጃውን እይ፤ ለዩቲዩብ የሚበቃው ፈቃድ ለቴሌቪዥን ላይበቃ ይችላል። ከገዛህ በኋላ ብቻ Dispute ግባና License የሚለውን ምክንያት መርጠህ የፈቃዱን ቁጥር ጻፍ። ጠያቂው ለመመለስ 30 ቀን አለው፤ ስለዚህ ለነገ በዚህ አትተማመን።

ለነገ፦ እዚያው See details ያየህበት ገጽ ላይ Erase song የሚል አለ። ሙዚቃውን ብቻ አውጥቶ የተራኪውን ድምፅ ለመተው ይሞክራል። ከሠራ ክሌሙ ይነሳል፣ ሊንኩም አይለወጥም፣ ባነሩም እንዳለ ይሠራል። አንዳንዴ ሙዚቃውን ከንግግሩ መለየት ይሳነዋል፤ ያኔ አንዱ አማራጭ የዚያን ክፍል ድምፅ በሙሉ መዝጋት ነው። ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ አሁኑኑ ጀምረው። ኦሪጅናሉን ቪዲዮ ኮምፒውተርህ ላይ መያዝህን አረጋግጥ።

ሸዋሮቢቴ
ክፍያውን በተመለከተ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ካለህ እሱ ይክፈልልህ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጠጋኝ አንጎለላ
ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ በገዢው አካውንት ስም ይወጣል። በደንበኛ ስም መግዛት ወይም ማስተላለፍ ይፈቀድ እንደሆነ ከመክፈልህ በፊት ውሉን አንብብ። ከተማችን ያሉት ባንኮች የውጭ ክፍያ ካርድ የሚሰጡት በምን ሁኔታ እንደሆነ እዚያው ቅርንጫፍ ጠይቅ፤ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም።

ጋሽ ማሲንቆ
ሙዚቃው ከወጣ ቪዲዮው ባዶውን ነው የሚቀረው። ነገ ባዛሩ ላይ ድንኳናቸው አጠገብ ማሲንቆ የሚመታ ሰው አቁምላቸው፤ ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ ከማየቱ በፊት ይሰማዋል።

ልጅ ከጠባሴ
Erase song ጀምሬዋለሁ፤ ገና እየሠራ ነው ይላል። አንደኛው ትራክ በኢንቨርት ጠፋ፤ ሁለተኛው ላይ ደወሏ ብቻ ቀረች፣ ጊታሩ ጠፍቷል። ይሄ ምን ማለት ነው?

ጆሮ ሰጪ
ደወሏ በአንዱ ቅጂ ላይ ተጨምራለች ወይም ተቀንሳለች ማለት ነው፤ የአንዱ ሙዚቃ ሁለት ቅጂዎች ናቸው። የእናንተው ሙሉ በሙሉ የጠፋው ነው፤ ግን ክሌሙ በየትኛው እንደተመዘገበ ርዕሱን አመሳክር። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክ፣ አብረን እንየው።

ካሜራማን ዓለም ከተማ
Erase song የሚለውን እኔ ስልኬ ላይ አላገኘሁትም። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው እንዴ?