የሰርግ ሃይላይት ስክሪፕት፦ ሙሽሪት ሐረር፣ ሙሽራው ድሬ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ኃላፊነት ሰርግ ልቀርጽ ነው። ጠዋት ከድሬ ሐረር ሄደን ሙሽሪትን እናመጣለን፣ ድግሱ ድሬ ነው። የ4 ደቂቃ ሃይላይት ከነቮይስኦቨሩ ፈልገዋል። ሁለት ካሜራ አለን። ስክሪፕቱን እንዴት ልጻፈው? የትኛው ቅጽበት ቢያመልጠኝ ነው ጉድ የሚፈላው?

ሚዜው፦
አቦ ቀላል ነው። ቮይስኦቨሩን ቀድመህ ጽፈህ አስቀዳ። ከዚያ ምስሉን በላዩ ትደረድራለህ። ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካልተቋረጠ ፊልሙ ይያያዝልሃል።

ደንገጎ፦
ቀድሞ መጻፉ ጥሩ ነው። የቀረው ግን ሰርጉን ዜና ያደርገዋል። 4 ደቂቃ 240 ሴኮንድ ነው። ከዚያ ውስጥ ቮይስኦቨር 40 ሴኮንድ ካለፈ በዝቷል። ሌላውን ለእልልታው፣ ለክላክሱና ለምርቃቱ ተውለት። ረቂቁን ከሰርጉ በፊት ጻፍ፣ ቀረጻውን ግን ከሰርጉ በኋላ አድርገው። ያልተፈጠረ ነገር እንዳታስወራ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ። አንባቢው ሙሽራው ራሱ ነው።

ንጋት፣ የከዚራ ዛፎች፣ ሸሚዝ ሲቆለፍ፣ 25 ሴኮንድ። «ድሬ ሳትሞቅ ተነሳሁ። ቁልፉን ሦስቴ ቆለፍኩት፣ ሦስቴም ተዛነፈ።»
የደንገጎ አቀበት፣ የመኪናው ሰልፍ፣ 20 ሴኮንድ። «አቀበቱን ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። ላቤ ግን አልቆመም።»
የሙሽሪት ቤት፣ 80 ሴኮንድ። ቮይስኦቨር የለም። አንድም ቃል።
ለገሃር፣ አመሻሽ፣ 35 ሴኮንድ። «ልጅ ሆኜ እዚህ የምመጣው ባቡር ለማየት ነበር።»
አዳራሽ፣ ጭፈራና ምርቃት፣ የቀረው በሙሉ። መጨረሻው «አሜን» ነው።

ዓረፍተ ነገሮቹን እንዳለ አትውሰድ። ሙሽራውን ቁጭ አድርገህ ጠይቀው። ባቡር ለማየት ካልሄደ እናቱ ይስቁበታል።

አሁን ስለማያመልጥህ። «አናስገባም ሰርገኛ» በሩ ላይ አንዴ ነው የሚዘፈነው፣ ድገሙልኝ አትልም። ጀማሪ ሁለቱንም ካሜራ ከሙሽራው ጋር ያስኬዳል። ከዚያ የሚያገኘው የሚዜዎች ጀርባ ብቻ ነው። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ግን አቀበት ነው፣ ሰልፉም ይጎተታል። ስለዚህ አንዱ ካሜራ ከሰልፉ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይውጣ። ሙሽሪት ስትለብስ ይቅረጽ፣ ዘፈኑ ሲጀመር ከበሩ ውስጥ ወደ ውጭ ይቁም። ሁለቱም ካሜራ ድምፅ ይቅዳ። ስታቀናብር ዘፈኑ ራሱ ያገናኝልሃል።

የገንደ ቆሬ፦
እኔ ልንገርህ እንዴት እንደሚያመልጥ። በኔ ሰርግ ከቤት ስወጣ የእናቴን ጉልበት ስሜ ተነሳሁ። እማዬ አለቀሰች። ካሜራማኑ ያን ጊዜ ባትሪ እየቀየረ ነበር። ሃይላይቱ ላይ ግን የመኪና ጎማ በስሎሞሽን ሞልቷል። እስካሁን አይቼ ልጨርሰው አልቻልኩም።

ደንገጎ፦
ለዚህ ነው ባትሪው ግማሽ ቢኖረውም ከበሩ በፊት ቀይረው የምለው። ጉልበት መሳሙ ከዘፈኑ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ መሀል ላይ ጊዜ የለህም። ለምርቃቱ ደግሞ ማን እንደሚመርቅ ቀድመህ ጠይቅ። ትንሽ መቅጃ ኪሳቸው ውስጥ ክተት፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው። እልልታ ሲመጣ ጠቋሚው ቀይ ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በኋላ አይስተካከልም።

ለገሃር ከ11 ሰዓት በፊት አትውሰዳቸው። የድሬ የቀትር ፀሐይ ዓይናቸው ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ካሜራውም ፀሐይ ላይ ግሎ ይጠፋብሃል። ግቢው ውስጥ ለመግባት አስቀድመህ ፈቃድ ጠይቅ። አዳራሽ ስትገባ ሻተርህን 1/50 ወይም 1/100 አድርገው። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ በሌላ ቁጥር ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይሮጣል። አንዳንድ የአዳራሽ ኤልኢዲ ግን እንዲያም ሆኖ ያስቸግራል፣ ከግብዣው በፊት ሄደህ ሞክረው።

አብሮ አደግ፦
ስክሪፕት ከፈለግክ የሚዜ ንግግር አለኝ። ሁለት ገጽ ነው፣ ያስቃል። ልላክልህ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሃሃ፣ የፊልሙን ነው ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ደንገጎ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። የሚመርቁት የሙሽሪት አያት ናቸው፣ በኦሮምኛ። ቮይስኦቨሩ አማርኛ ነው። ሙሽራው በላዩ ላይ ይተርጉመው?

ሚዜው፦
አዎ፣ ያስተርጉመው። አለዚያ የአዲስ አበባ ዘመዶች ምን ይገባቸዋል?

ደንገጎ፦
እኔ በአያት ድምፅ ላይ ሌላ ድምፅ አልጭንም። ከሥር በጽሑፍ አድርገው።

የገንደ ቆሬ፦
ጽሑፉም ይቅር። ምርቃት መሆኑ ከፊታቸው ይታያል። ለማንኛውም ሙሽሪትን ጠይቃት፣ አያቷ ናቸው።