ፓትሮል በካርታ ሲሰማራ፦ ወንጀልን መከላከል ወይስ ሰፈርን መፈረጅ?

ሰላማዊት (ጠያቂ)፦ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በሰፈራችን ስብሰባ ላይ ፖሊስ ወንጀል የሚደጋገምባቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ አቅርቦ የፓትሮል ስምሪቱን በዚያ መሠረት እንደሚያወጣ ነገረን። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው ወይስ አንዳንድ ሰፈሮችን አስቀድሞ ወንጀለኛ ብሎ መፈረጅ ነው?

ዳንኤል፦ በእኔ አስተያየት ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በካንሳስ ሲቲ ከ1972 እስከ 1973 በተደረገ ሙከራ 15 የፓትሮል ቀጠናዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። በአምስቱ መደበኛው ፓትሮል ቀረ፣ በአምስቱ እንደነበረ ቀጠለ፣ በቀሩት አምስት ደግሞ በሁለትና በሦስት እጥፍ ጨመረ። በመጨረሻ በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በዚያ ላይ አንዱን ጥግ ሲጠብቁት ሌባው ወደሚቀጥለው ጥግ ይሄዳል። ስለዚህ ካርታው የሚለውጠው የወንጀሉን አድራሻ ብቻ ነው።

ትዕግሥት፦ በአንድ የአሜሪካ ከተማ አስተዳደር ውስጥ የወንጀል መረጃ ተንታኝ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ወንድም ዳንኤል ስለ ካንሳስ ሲቲ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያ ሙከራ የመዘነው በሰፊ ቀጠና ላይ የተበተነን ፓትሮል ነው። የካርታው ሐሳብ የተወለደው ቀጠናው ራሱ ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑ ሲታወቅ ነው። በ1980ዎቹ በሚኒያፖሊስ ለፖሊስ የተደወሉ ጥሪዎች በአድራሻ ሲደረደሩ፣ ከከተማዋ አድራሻዎች ከመቶ ሦስት ያህሉ የጥሪውን ግማሽ እንደሚያመነጩ ታየ። መጥፎ ስም በወጣለት ሰፈር ውስጥ እንኳ አብዛኛው መንገድ ጸጥ ያለ ነው፤ ችግሩ የሚደጋገመው በአንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ፣ በአንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ወይም በአንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ ነው። ከዚያም እዚያው ከተማ 110 እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉና 55ቱ ተጨማሪ ፓትሮል አገኙ። በነዚህ ቦታዎች የወንጀል ጥሪ ከ6 እስከ 13 በመቶ ቀነሰ። ተአምር ባይባልም ከምንም የተሻለ ውጤት ነው።

ስለዚህ ለእህት ሰላማዊት የምመልሰው፣ «ሰፈር» የሚለው ቃል በፖሊሱ ካርታ ላይ ምን ያህል ስፋት እንዳለው አይተው ይፍረዱ ብዬ ነው። ቀዩ ቀለም የመንገዱን አንድ ብሎክ የሚሸፍን ከሆነ ስለ አንድ ቦታ እየተነጋገርን ነው። ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍን ከሆነ ግን ፍረጃ ያሉት ነገር በእርግጥም ተጀምሯል። እነዚህን ካርታዎች የሚሠራ ሰው በየነጥቡ ዙሪያ ምን ያህል ርቀት ቀለሙ እንደሚዘረጋ የሚወስነው ራሱ ነው። በ100 ሜትርና በ500 ሜትር የተሠሩ ሁለት ካርታዎች፣ መረጃው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ይመስላሉ።

አቶ መኮንን፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። የሱቅ ባለቤት ነኝ። መኪናዬን ማታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሱቁ አጠገብ አቁሜ ገባሁ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስወጣ መስታወቱ ተሰብሮ ዕቃዬ ተወስዷል። ደወልኩ፤ ፖሊስ የመጣው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ካርታ ከማየት ለተጠራበት ቶሎ ቢደርስ አይሻልም ወይ?

ትዕግሥት፦ አቶ መኮንን፣ በደረሰብዎ ነገር አዝናለሁ። ፖሊስ ለጥሪ የሚደርስበት ፍጥነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሌባው ከሄደ ሰዓታት ባለፉበት የመኪና ስርቆት ላይ ደግሞ ፈጥኖ መድረስ ሰውዬውን አያስይዝም። ይሁን እንጂ የእርስዎ ጉዳይ ካርታው በብዛት የሚሳሳትበትን ቦታ በግልጽ ስለሚያሳይ ልጠቀምበት።

ወንጀሉ የተፈጸመው በስንት ሰዓት ነው? እርስዎም አያውቁም፣ ፖሊስም አያውቅም። የዲሲ ከተማ ለሕዝብ በሚያወጣው የወንጀል መረጃ ውስጥ START_DATE፣ END_DATE እና REPORT_DAT የሚባሉ ሦስት ዓምዶች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወንጀሉ ሊፈጸም የሚችልበት ጊዜ መነሻና መድረሻ ሲሆኑ ሦስተኛው ሪፖርት የተደረገበት ነው። ተንታኙ ችኩል ከሆነና ስምሪቱን በሦስተኛው ዓምድ ላይ ካቆመ፣ የእርስዎ መኪና ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ የተሰበረ ይመስላል፤ ፓትሮሉም ሌቦች ተኝተው በሚገኙበት የጠዋት ፈረቃ ይመደባል።

ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ወንጀል ሊፈጸም በሚችልባቸው ሰዓታት ላይ እኩል ማከፋፈል ነው። የእርስዎ ስርቆት 12 ሰዓት ስለሚሸፍን ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ አሥራ ሁለተኛ ይደርሰዋል። እዚያው መንገድ ላይ አንድ ጎረቤትዎ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አቁሞ 9 ሰዓት ላይ ተሰብሮ አገኘ እንበል፤ ሌላው ደግሞ 7 ሰዓት አቁሞ 11 ሰዓት ላይ። የእነዚህ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሩብ ሩብ ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ከጠቅላላው ክብደት አርባ በመቶ ገደማ ይከማቻል። በሦስት ወንጀል ስምሪት አይወጣም፤ በመቶ ወንጀል ግን በዚህ ዓይነት ሲሰላ ፓትሮሉ በየትኛው ሌሊት ሰዓት እዚያ መቆም እንዳለበት ይታያል።

ሄኖክ፦ ሁሉም ነገር የስሌት ጥያቄ ተደርጎ መቅረቡ ያሳስበኛል። በኦክላንድ ፖሊስ ወንጀል የት እንደሚፈጸም ከመዝገብ ተነሥቶ የሚተነብይ ሶፍትዌር ሲጠቀም ፓትሮሉን በጥቁሮችና በድሆች ሰፈር ላይ እንደከመረ በጥናት ተረጋግጧል። ፖሊስ በሄደበት ያስራል፤ ያሰረው ተመዝግቦ ካርታውን ያቀላል፤ የቀላው ካርታ ደግሞ መልሶ ፖሊስ ይጠራል። ሎስ አንጀለስ በ2020 ፕሬድፖል የተባለውን ፕሮግራም አቁማለች፤ ሳንታ ክሩዝም በዚያው ዓመት አሠራሩን በሕግ ከልክላለች። ከተሞቹ ራሳቸው የተዉትን ነገር እኛ ለምን እንሟገትለታለን?

ትዕግሥት፦ የስጋትዎ መሠረት እውነተኛ ነው፤ አንድ ነገር ግን ላርም። የኦክላንዱ የ2016 ጥናት በኮምፒዩተር የተደረገ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ የከተማዋን የ2010 የአደንዛዥ ዕፅ መዝገብ ወስደው በፕሮግራሙ ስሌት ውስጥ ቢያስገቡት ስምሪቱ የት እንደሚያርፍ አሰሉ። ውጤቱ ግን እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ዕፅ የሚጠቀመው ሰው በከተማዋ ሁሉ ተሠራጭቶ ሳለ ስሌቱ ፖሊስን የላከው ቀድሞ ብዙ እስር ወደተመዘገበባቸው ጥቂት ሰፈሮች ነው።

ይህ የሚሆነው የዕፅ ወንጀል ወደ መዝገብ የሚገባው በአብዛኛው ፖሊስ ራሱ ሲያገኘው ስለሆነ ነው። የመኪና ስርቆትንና የቤት ሰበራን የሚያስመዘግበው ተበዳዩ ነው፤ ፖሊስ በቦታው ኖረም አልኖረም ይመዘገባል። በመሆኑም የዕፅ እስር፣ በመንገድ ላይ የተደረገ ፍተሻና ይህን የመሰለው ከስምሪት ካርታ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ በሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜም በዚህ ምክንያት ከአለቆቼ ጋር ተከራክሬያለሁ። እህት ሰላማዊት ለፖሊሱ አዛዥ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ካርታው የተሠራው ነዋሪው ካመለከተው ነው ወይስ ፖሊስ ካሰረው የሚል ቢሆን ደስ ይለኛል።

ዳንኤል፦ የሌባው ወደ ጎን መሸሽ ግን አልተመለሰልኝም።

ትዕግሥት፦ መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። በጀርሲ ሲቲ ጉዳዩ ለብቻው ተጠንቶ ወንጀሉ ወደ ጎረቤት መንገድ ከመሸሽ ይልቅ ጎረቤቱም አብሮ ሲሻሻል ታይቷል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በ2016 በሺህ በሚቆጠሩ የመንገድ ክፍሎች ላይ በተደረገው ትልቅ ሙከራ ግን የንብረት ወንጀል ወደ አጎራባች መንገዶች የሄደ ይመስላል፤ ግድያና አስገድዶ መድፈርን የመሰሉት ከባድ ወንጀሎች የቀነሱ ቢመስልም እርግጠኛነቱ ደካማ ነው። ሌላም አለ። በፊላደልፊያ በ2009 በ60 አነስተኛ ቀጠናዎች የእግር ፓትሮል ሲሰማራ የኃይል ወንጀል በ23 በመቶ ወረደ፤ ፖሊሶቹ ከተነሡ በኋላ ግን ያ ትርፍ ቀስ በቀስ ጠፋ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ካርታው ትክክል ሆኖ ስምሪቱ ሲበላሽ ነው። ከሚኒያፖሊስ በተገኘው መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንደሚያሳየው ፖሊስ በአንድ ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ፣ ከሄደም በኋላ ቦታው ለተወሰነ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በላይ መቆየት የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ በመኪና ሽው ብሎ ማለፍ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። አሁን አንድ ፖሊስ በስምንት ሰዓት ፈረቃው ጥሪ ከመመለስ የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ነው እንበል። በየቦታው 15 ደቂቃ ቆሞ በመካከሉ አምስት ደቂቃ ከተጓዘ ስድስት ቦታ ይደርሳል። አለቃው 30 ቀይ ቦታ ያለበት ካርታ ቢሰጠው፣ ወይ ሃያ አራቱን ይተዋል ወይም ሁሉንም ሽው እያለ ያልፋቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ይህን ለማወቅ የፓትሮል መኪናውን የጂፒኤስ መዝገብ ማየትና በየቦታው ስንት ደቂቃ እንደቆመ መቁጠር ይበቃል።

አቶ መኮንን፦ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ መንገድ ያሉ የአገራችን ልጆች ብዙዎቹ ቢዘረፉም አይደውሉም። ቋንቋው ይከብዳል፤ ወረቀት ያልተስተካከለለትም ይፈራል። ታዲያ ካርታው ላይ የእኛ መንገድ ሰላም ነው ማለት ነው?

ትዕግሥት፦ አዎን፣ ካርታው ላይ ሰላም ነው። ለዚህ ሙሉ መፍትሔ የለኝም። አንዳንድ ከተሞች የአምቡላንስንና የድንገተኛ ክፍልን መረጃ ስም ሳይጠቅሱ ከፖሊሱ መዝገብ ጎን ያስቀምጣሉ፤ ለድብደባና ለስለት ጉዳት ይረዳል፣ ለሱቅ ስርቆት ግን አይረዳም። መመዝገብ ብቻውንም አይበቃም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2009 ለሕዝብ በተለቀቀው ካርታ ላይ አድራሻቸው በኮምፒዩተሩ ሊታወቅ ያልቻለ ከአንድ ሺህ በላይ ወንጀሎች በፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ በአንድ ነጥብ ላይ ተከምረው ተገኝተዋል። በካርታው መሠረት ከከተማዋ አደገኛው ቦታ የፖሊሱ ጎረቤት ሆኖ ነበር።

ሄኖክ፦ ካርታው ነዋሪው ካመለከተው ብቻ ይሠራ፣ ሰዓቱም ይስተካከል፣ ቦታውም ብሎክ ይሁን ብለን እንስማማ። ፖሊሱ ከመኪናው ወርዶ በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ ምን ያደርጋል? ከሱቅ ባለቤቱ ጋር ከተነጋገረ አልቃወምም። ያለፈውን ወጣት ሁሉ እያስቆመ ከፈተሸ ግን ዋጋውን የሚከፍለው እዚያ ብሎክ ላይ የሚኖረው ልጅ ነው፤ ያ ዋጋ በየትኛውም ካርታ ላይ አይታይም።

ትዕግሥት፦ በዚህ አልከራከርዎትም። የሚኒያፖሊሱ ሙከራ ፖሊሱ በቦታው እንዲታይ እንጂ በዚያ ምን እንዲያደርግ አላዘዘም ነበር፤ ስለዚህ ውጤቱን ያመጣው መገኘቱ ነው ወይስ ድርጊቱ የሚለውን ከእርሱ መመለስ አይቻልም። ዲሲን በተመለከተ የትኛው እንደሚፈጸም የሚታወቀው የፍተሻው መዝገብ ከስምሪቱ መዝገብ ጋር ብሎክ በብሎክ ሲነጻጸር ነው።

ሰላማዊት፦ ሁለቱንም መዝገቦች በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጠይቃለሁ። ካርታው ላይ የእኛ ብሎክ ቀይ ነው፤ ከምን እንደቀላ ግን እስካሁን የነገረን ሰው የለም።